ጨዋታችንን ለማያውቁን ሰዎች ሰጥተን ዝም ስንል ምን እንመዝግብ?

አብማ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። ላለፉት ስምንት ወራት የገበታ ጨዋታ እየሠራሁ ነው። አራት ሰዎች ይጫወቱታል። ሁሉም ነጋዴዎች ሆነው ከደጀን ይነሣሉ፤ እህልና በርበሬ እየገዙ እየሸጡ ባሕር ዳር ይደርሳሉ። ሰሌዳው ላይ ሁለቱም መንገዶች አሉ፤ አንደኛው በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዳንግላ የሚያልፈው፣ ሁለተኛው በቢቸናና በሞጣ አድርጎ በአዴት በኩል የሚገባው። ካርዶቹ 48 ናቸው። ደንቡ በአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ ተጽፏል።

ከወንድሞቼና ከጓደኞቼ ጋር ከሃያ ጊዜ በላይ ተጫውተነዋል፤ ሁልጊዜም ያለ ችግር ይሄዳል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማላውቃቸው ሰዎች ሰጠሁት። ሻይ ቤት ተቀምጠው የነበሩ አራት ወጣቶችን ለምኜ፣ ሻይ ጋብዤ፣ ሳጥኑን አስረክቤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ሐሳቤ ዝም ብሎ ማየት ነበር። ዝምታዬ የቆየው ስድስት ደቂቃ ብቻ ነው።

ደንቡ ላይ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፦ «በተራህ ሁለት ካርድ አንስተህ አንድ ጣል።» ለእኔ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር አልነበረም። ወረፋህ ሲደርስ ሁለት ካርድ ትወስዳለህ፤ የማትፈልገውን አንዱን ታስወግዳለህ። ወረቀቱን የያዘው ልጅ ጮክ ብሎ አነበበውና ሰሌዳውን ያይ ጀመር። ሰሌዳው ላይ በእያንዳንዱ ተጫዋች ፊት «እህል ተራ» እና «በርበሬ ተራ» የሚባሉ ቦታዎች አሉ። «የእኔ ተራ የትኛው ነው?» አለ። አጠገቡ ያለው ደግሞ ካርዱን ገልጦ ሰሌዳው መሐል ላይ አኖረው፤ ካርታ ለሚጫወት ሰው «ጣል» ማለት «ተጫወት» ማለት ነውና።

አልቻልሁም። «ተራ ያልሁት ወረፋን ነው፤ ጣል ያልሁትም አስወግድ ለማለት ነው» አልኋቸው። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ያለ እንከን አለቀ። «በጣም ደስ ይላል» ብለው ተነሡ። ማታ ማስታወሻዬን ስገልጠው ያለው «ጥሩ ሄደ» የሚል ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ሁሉ የሚጠቅመኝን ነገር በገዛ አንደበቴ አጠፋሁት።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ሰው ፊቴ ሲቸገር እያየሁ እንዴት ዝም ልበል? ዝም ካልሁስ በኋላ ምን ምን ልጻፍ?

ቡሬ በርበሬ

ወንድሜ አብማ፣ ሰው ካጣህ አታስብ። እኛ ሰፈር ዐሥር የሚሆኑ ልጆች አሉ፤ ሁሉም ጨዋታ ይወዳሉ። ሳጥኑን በመኪና ላክልኝና እኔ መጀመሪያ አንብቤ እረዳዋለሁ፤ ከዚያ በሩብ ሰዓት አስተምራቸዋለሁ። ማንም ግራ አይጋባም።

አብማ (ደብረ ማርቆስ)

ቡሬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የምፈልገው ግን ግራ እንዲጋቡ ነው። አንተ ካስተማርሃቸው የሚፈተነው የአንተ አስተማሪነት ይሆናል፤ ወረቀቴ ሳይፈተን ይቀራል። ጨዋታው ነገ ሞጣ ላይ ቢሸጥ እኔም አንተም ገዢው ቤት ሄደን አናስረዳም።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

አብማ፣ ጥያቄህ የእኔ የዕለት ሥራ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የስልክ አገልግሎቶችንና አንዳንድ ጊዜም የገበታ ጨዋታዎችን ለሌሎች እፈትናለሁ። ስምንት ዓመት ሆኖኛል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እንዳንተ እየተናገርሁ ነው ያጠፋኋቸው።

መጀመሪያ ስለ ዝምታ። አፍን መዝጋት ከሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ተጫዋቾቹ ፊት ለፊት ከተቀመጥህ ዓይንህን ያነብባሉ። እጃቸው ወደ ትክክለኛው ቦታ ሲሄድ ፊትህ ይፈታል፤ ሲሳሳት ትንፋሽህ ይቆማል፤ ይህን ሳያስቡት ይከታተሉታል። ስለዚህ ከአንባቢው ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብለህ ተቀመጥ፤ ሊያይህ ሲፈልግ አንገቱን ማዞር ይኑርበት። ያ የአንገት መዞር ራሱ የሚመዘገብ ነገር ነው፤ ሰው ዞሮ የሚያይህ እርግጠኛ ባልሆነበት ቅጽበት ነው።

ሁለተኛው ጠቋሚ እስክሪብቶህ ነው። ሲሳሳቱ ብቻ የምትጽፍ ከሆነ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ይነቁብሃል፤ መጻፍ ስትጀምር እጃቸውን ይመልሳሉ። እኔ ምንም በማይሆንበት ጊዜም እጽፋለሁ፤ ማን ሻይ እንደጠጣ፣ ማን ወንበር እንዳስጠጋ። ገጹ ይቆሽሻል፤ እስክሪብቶው ግን ምንም አይነግራቸውም።

ከመጀመራቸው በፊት የምነግራቸው ነገር አለ፤ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቃል ከወረቀት አነብበዋለሁ። «የምንፈትነው ይህን ወረቀት ነው፤ እናንተን አይደለም። ከአሁን ጀምሮ እኔ እዚህ እንደሌለሁ ቁጠሩኝ። ብትጠይቁኝ ጥያቄውን እጽፈዋለሁ፤ አልመልስም። ብትሳሳቱም አላርማችሁም። ሲያልቅ የጠየቃችሁትን ሁሉ እመልሳለሁ።» ይህ አስቀድሞ ከተነገረ በኋላ ዝም ማለት እንደ ንቀት አይቆጠርም፤ ሳይነገር ከሆነ ግን በእርግጥ ንቀት ነው።

አሁን ስለሚጻፈው። አራት ነገር እጽፋለሁ፤ ከጀመሩ ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ወረቀቱ ወይም ሰሌዳው ላይ የት እንዳሉ፣ እጃቸውና አፋቸው ምን እንዳደረገ፣ ከዚያም እንዴት እንደወጡ። ምክንያቱን አልጽፍም። የአንተ ቅዳሜ በእኔ ወረቀት ላይ ይህን ይመስል ነበር፦

«ደቂቃ 6። ደንብ፣ ፊት፣ መስመር 7። አንባቢው "በተራህ" የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበ። ጣቱን "እህል ተራ" ላይ አሳረፈ። "የእኔ ተራ የትኛው ነው?" አለ። በስተግራው ያለው ካርዱን ገልጦ መሐል ላይ አኖረ። ወደ እኔ ዞሩ። መውጫ፦ ባለቤቱ ተናገረ።»

«ቃሉ አሻሚ ስለሆነ አልገባቸውም» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ጉዳዩን እዚያው ፈርጄበት እነሣ ነበር። ማታ፣ ወይም የሌሎች ጠረጴዛዎች ማስታወሻ ሲጨመር፣ ምክንያቱ ሌላ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ከአራቱ ደግሞ ሰዎች የሚዘነጉት «መውጫ» የሚለውን ነው። ከችግሩ የወጡት ወረቀቱን መልሰው አንብበው ነው? ገምተው ነው? አንዱ ሌላውን አስረድቶ ነው? ወይስ ዘልለውት ነው? መልሰው አንብበው ካገኙት ዓረፍተ ነገሩ ቀስ ብሎም ቢሆን ሠርቷል። ገምተው ትክክል ከሆኑ ግን ዓረፍተ ነገሩ አልሠራም፤ ዕድል ነው ያዳናቸው፤ ቀጣዩ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል።

መምህር ዘቢቸና

የተከበራችሁ ተወያዮች፣ ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። ነገሩን ከመጠን በላይ ያከበዳችሁት ይመስለኛል። ሰዎቹ ተጫውተው ሲጨርሱ አንድ ገጽ መጠይቅ ስጧቸው፤ «የትኛው ክፍል ግልጽ አልነበረም?» ብላችሁ ጠይቁ። ራሳቸው ይጽፉላችኋል። ደግሞም በዚህ ሙያ አምስት ሰው እንደሚበቃ አንብቤያለሁ፤ አብማ አንድ ጠረጴዛ አራት ሰው አግኝቷል፤ አንድ ሰው ቢጨምር ሥራው አለቀ ማለት ነው።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

መምህር፣ አምስት የሚለው ቁጥር እውነተኛ ምንጭ አለው። የአጠቃቀም ፈተና ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 አምስት ተጠቃሚዎች 85 በመቶ የሚሆነውን ችግር ያሳያሉ ብሎ ጽፏል። ስሌቱ ግን አንድ ሰው በአማካይ 31 በመቶውን ችግር ያገኛል ከሚል መነሻ የመጣ ነው። ከዐሥር አንዱን ብቻ የሚያደናቅፍ ችግር ቢኖር አምስት ሰው ሲሞክር የመታየቱ ዕድል ከግማሽ በታች፣ 41 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ አምስት ትልልቆቹን ጉድጓዶች ለማግኘት ይበቃል፤ «ችግር የለም» ለማለት ግን አይበቃም።

ከዚያ በላይ ደግሞ አብማ ያገኘው አራት ሰው አይደለም፤ አንድ ጠረጴዛ ነው። አንዱ ያነብባል፣ ሦስቱ ከእርሱ አፍ ይሰማሉ። አንባቢው ከተሳሳተ አራቱም ይሳሳታሉ፤ አንባቢው ጎበዝ ከሆነ ደግሞ የሦስቱ ግራ መጋባት ይሸፈናል። እኔ የምቆጥረው ጠረጴዛን ነው።

ስለ መጠይቁ ግን በሌላ ምክንያት እቃወማለሁ። እኛ ዘንድ ይሉኝታ አለ። ሻይ ጋብዞ፣ ለምኖ፣ የለፋበትን ነገር ላሳየ ሰው «አልገባኝም» ብሎ መጻፍ ለጎጃሜ ከባድ ነው። ይሉኝታ የሌለበት ሰው ቢሆን እንኳ ደቂቃ 6 ላይ የተደናቀፈው ደቂቃ 50 ላይ ረስቶታል፤ መጨረሻው ደስ ካለው ሁሉም ግልጽ የነበረ ይመስለዋል።

መምህር ዘቢቸና

ይሉኝታውን ተቀብያለሁ። ክፍል ውስጥ «ገባችሁ?» ስል ሁሉም «ገባን» ይላሉ፤ ፈተናው ሌላ ይናገራል። ነገር ግን ጥያቄን ፈጽሞ አትተዉ፤ አጠያየቁን ቀይሩ። እኔ ተማሪን «ገባህ?» ማለት ትቼ «ትናንት ለቀረው ጓደኛህ አስረዳልኝ» እላለሁ። ጨዋታው ሲያልቅ ከአራቱ አንዱን፣ በተለይ ዝም ያለውን፣ «አሁን አንድ ሰው ቢመጣ እንዴት ታስጀምረዋለህ?» በሉት። ያጠፋውን ነገር በራሱ አፍ ይነግራችኋል፤ ማንንም መንቀፍ አይኖርበትም።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

መምህር፣ ይህን ከዛሬ ጀምሮ እሠራበታለሁ። በተለይ ዝም ያለውን መምረጥዎ ተገቢ ነው፤ እርሱ ጨዋታውን ሌሎቹን እያየ ተከትሎ ሊሆን ይችላል፤ ማስታወሻዬ ላይም ምንም አይታይም።

የዳንግላዋ

እኔ የምሠራው የስልክ ጨዋታ ነው፤ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ላሉ ሕፃናት ፊደል ማስተማሪያ። ስለዚህ ወረቀት የለኝም፤ ልጆቹም አያነብቡም። ግን ችግሩ አንድ ነው። ስልኩን የምሰጠው ጎረቤት ለማላውቃቸው ልጆች ነው፤ እናቶቻቸው አጠገብ ቆመው «ይህን ንኪ እንጂ!» ይላሉ፤ እናትን ዝም ማሰኘት ከራስ ዝምታ ይብሳል። አሁን እናቶቹን ቡና ላይ አስቀምጬ ልጆቹን ትንሽ ራቅ አደርጋቸዋለሁ።

የረዳኝ የስልኩ የራሱ መቅረጫ ነው። ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ ስክሪን መቅረጫ ከስልኩ ጋር ይመጣል። ገንቢዎች በሚጠቀሙበት የቅንብር ገጽ ውስጥ `Show taps` የሚለውን ስታበሩት ጣት ያረፈበት ቦታ ሁሉ በቀረጻው ላይ ክብ ሆኖ ይታያል። አንዲት ልጅ ሰማዩ ላይ የተሣለችውን ፀሐይ ዐሥራ አንድ ጊዜ ስትነካት አየሁ። ፀሐይዋ ጌጥ ናት፤ ምንም አትሠራም። አጠገቧ ተቀምጬ እያየሁ ግን «ልጅቷ ትጫወታለች» ብዬ ብቻ ነበር የጻፍሁት።

አንድ ልጅ ብቻውን ሲሆን ዝም ይላል፤ ምን እንደሚያስብ አይታወቅም። ሁለት ሆነው በአንድ ስልክ ሲጫወቱ ግን ይጣላሉ፤ «እሱ አይደለም፣ ይኼኛው ነው፣ ቢጫው ስለሆነ» ይባባላሉ። ያ «ስለሆነ» የሚለው ነው የሚያስፈልገኝ።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

የዳንግላዋ፣ ያገኘሽው ትልቅ ነገር ነው። ፈታኞች ተጫዋቹን «የምታስበውን እየተናገርህ ተጫወት» ይሉታል። እኔ ብዙ ሞክሬው ከማያውቀኝ ሰው ጋር ጥሩ ውጤት አላገኘሁበትም፤ ለብቻው ማውራት ያሳፍረዋል፤ ሲያወራም ለእኔ የሚስማማውን ይመርጣል። ሁለት ጓደኛሞችን አንድ ላይ ሳስቀምጥ ግን ለእርስ በርሳቸው እንጂ ለእኔ አይናገሩም። አብማ፣ የአንተ ጠረጴዛ ላይ ተጫዋቾቹ አስቀድመው እርስ በርስ የሚተዋወቁ ይሁኑ፤ አንተን ብቻ አይወቁ።

ኮሶበር

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ አልስማማም። እንጅባራ ላይ የወጣቶች ማዕከል ውስጥ አገለግላለሁ። ሰው ጠይቆህ ዝም ማለት፣ ቀድመህ ብታስጠነቅቅም፣ ልብ ይሰብራል። በተለይ ብዙም ያልተማረ ሰው ወረቀቱ ላይ ሲደናቀፍ «ደንቆሮ ስለሆንሁ ነው» ብሎ ያስባል፤ ወረቀቱ ደካማ መሆኑ አይታየውም። አንድ ጊዜ አንዲት እናት እኔ ባዘጋጀሁት ጨዋታ ላይ ሃያ ደቂቃ ተቸግረው በመጨረሻ «እኔ ለዚህ አልሆንም» ብለው ተነሡ። ከእርሳቸው ያገኘሁት ማስታወሻ ጥሩ ነበር፤ ግን እርሳቸው ሁለተኛ ጨዋታ አልነኩም። ስንት ደቂቃ ነው የምትጠብቁት?

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ኮሶበር፣ ያልኸው ትክክል ነው፤ እኔም እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉብኝ። አሁን የማደርገው ይህ ነው። ጨዋታው ጨርሶ ሊቀጥል የማይችልባቸውን ሦስት ወይም አራት ቦታዎች አስቀድሜ አስባለሁ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ በፖስታ አሽጋለሁ። አምስት ደቂቃ ሙሉ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ፖስታውን ለተጫዋቾቹ እሰጣለሁ። ራሴ ግን አልናገርም፤ ስናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ብዬ ጀምሬ አራት እጨምራለሁ። ፖስታ ከተከፈተ ማስታወሻዬ ላይ ወፍራም መስመር አሰምራለሁ፤ ከመስመሩ በታች ያለውን እርዳታ ካላገኙ ሰዎች ጋር አልቆጥረውም።

አጥፍተው ከቀጠሉ ግን ፖስታ አይሰጥም። የተሳሳተ ደንብ ይዘው እስከ መጨረሻ ይጫወቱ። መምህር ያሉትን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ስትጠይቅ የሚነግሩህ ያንን ደንብ ነው።

አምስት ደቂቃው የእኔ ልማድ ነው፤ ለእናትዮዋ ሁለት ደቂቃ ይበዛ ይሆናል።

ኮሶበር

ለእኔ ሰዓቱ አይደለም የሚወስነው፤ ፊታቸው ነው። ሰው ወረቀቱን ሲወቅስ ልጠብቅ እችላለሁ። ራሱን መውቀስ ሲጀምር፣ «እኔ እንጃ፣ እኔ አላውቅም» ሲል፣ ፖስታውን ያን ጊዜ እሰጣለሁ።

አብማ (ደብረ ማርቆስ)

ሦስት ሳምንት ሞክሬ ተመልሻለሁ። አራት አዳዲስ ጠረጴዛዎች አየሁ፤ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሰው ቀየርሁ። ጨዋታውን ይዛ የምትቀመጠው የእኅቴ ልጅ ናት፤ ደንቡን አንብባ አታውቅም፣ እኔም ከልክያታለሁ። «እኔ አልሠራሁትም፣ እንዴት እንደሚጫወቱትም አላውቅም» ስትላቸው እውነቷን ነው። ይሉኝታውም ቀለለ፤ አንዱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው «ይህን የጻፈው ሰው ተቸግሯል» ብሎ ተናገረ። እኔ ብሆን ኖሮ አይለውም ነበር። እኔ ሁለት ጠረጴዛ ራቅ ብዬ ጋዜጣ ይዤ እቀመጣለሁ። አስፈቅደን ስልኬን ከላይ ሰቅለን እጃቸውንና ሰሌዳውን ብቻ ቀረጽን፤ ፊት የለበትም።

ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ሳልቀይር ነው የሰጠሁት። ቅዳሜ ያየሁት የእነዚያ ልጆች ብቻ ችግር እንደሆነ ለማወቅ ፈልጌ ነው። ደቂቃ 7 ላይ ያው ቦታ ደረሱ። አንባቢዋ ዓረፍተ ነገሩን አንብባ ካርዷን «እህል ተራ» ላይ አስቀመጠች፤ ሌሎቹም እርሷን አይተው በየተራቸው ላይ አስቀመጡ። ማንም አልጠየቀም፤ ማንም አልቆመም። ሳቅ አለ፣ ጨዋታ አለ። ሲያልቅ «ሁሉም ግልጽ ነው» አሉ። ጨዋታው ግን የእኔ ጨዋታ አልነበረም፤ የሚጣል ካርድ ስላልነበረ ሁሉም እህል በእህል ሆነው ሃያ ደቂቃ ውስጥ አለቀ። ቀረጻው ባይኖር ምስክሬ ፈገግታቸው ብቻ ነበር።

ለሦስተኛው ጠረጴዛ ዓረፍተ ነገሩን ቀየርሁ፦ «ወረፋህ ሲደርስ ሁለት ካርድ አንሣ፤ የማትፈልገውን አንዱን ገልብጠህ ከቁልሉ ሥር አስገባ።» ተራ የሚለው ችግር ያኔውኑ ጠፋ። ነገር ግን ደቂቃ 8 ላይ አንዱ ካርዱን ይዞ እጁ አየር ላይ ቀረ። ሰሌዳው ላይ ሁለት ቁልሎች አሉ። ወረቀቱን ገለበጠ፣ ጀርባውን አየ፣ መልሶ ገለበጠ። 50 ሰከንድ። ከዚያ በቀረበው ቁልል ሥር ከተተው። መውጫ፦ ግምት፣ ስህተት።

እዚህ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ሦስተኛ ጊዜ ልጽፍ ተቀምጬ ነበር። ቀረጻውን ደጋግሜ ሳየው ግን አንድ ነገር አየሁ፤ ሰውየው ወረቀቱን ሲገለብጥ ያነበበው ነገር የለም፤ ዓይኑ ወደ ሰሌዳው ነበር የሚመለሰው። መልሱን የፈለገው እጁ ባለበት ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ትቼ ሰሌዳው ላይ ሁለት የካርድ ቅርጽ ሣልሁ፤ አንደኛው ላይ «ጎተራ» ብዬ ጻፍሁ፣ ካርድ የሚወጣበት፤ ሌላኛው ላይ «የተጣለ»። አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ማንም ያንን መስመር በጥንቃቄ ያነበበ የለም፤ ካርዱ ግን ሁልጊዜ ትክክለኛው ቦታ ገባ። ስድስት ዙር ቆጠርሁ፤ አንድም እጅ አልቆመም።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

አብማ፣ ደስ ብሎኛል። ወረቀቱን ሳትቀይር አንድ ተጨማሪ ጠረጴዛ ማየትህም ጥሩ ነው፤ ግን ሁልጊዜ የግድ አይደለም። የማይክሮሶፍት የጨዋታ ፈታኞች የኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ 2 መማሪያ ክፍልን ሲፈትኑ የተጠቀሙበትን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2002 ጽፈውታል፤ ችግሩም መፍትሔውም ግልጽ ከሆነ ከአንድ ሰው በኋላ እንኳ ቀይረው፣ ማስተካከያው መሥራቱን በሚቀጥሉት ሰዎች ያረጋግጡ ነበር። ያንተ «ከቁልሉ ሥር» ለምን ማረጋገጥ እንደሚያስፈልግ ያሳያል፤ አንዱን ዘግተህ ሌላ ከፈትህ። ስለዚህ በየጠረጴዛው የወረቀቱን እትም ቁጥር ማስታወሻህ አናት ላይ ጻፍ፤ አለበለዚያ ከወር በኋላ የትኛው መደናቀፍ የየትኛው ወረቀት እንደሆነ ይጠፋብሃል።

አብማ (ደብረ ማርቆስ)

እትም አልጻፍሁም፤ ከዛሬ ጀምሮ እጽፋለሁ።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለኝ። በሞጣ በኩል የሚያልፈውን መንገድ ማንም አይሄድበትም። ከአምስቱ ጠረጴዛዎች አምስቱም በደብረ ማርቆስ በኩል ነው የሄዱት። የመጀመሪያ ሐሳቤ «ትርፉ አልታያቸውም» የሚል ነበር፤ የካርዶቹን ዋጋ ልቀይር ነበር። ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ግን ሁለት ጓደኛሞች ሲያወሩ የእኅቴ ልጅ ጽፋዋለች፦ «በዚህ አይኬድም?» «የት?» «በዚህ።» «እሱ ዓባይ አይደለም እንዴ?»

የሞጣውን መንገድ ከዋናው ለመለየት ብዬ ቀጭንና ጠመዝማዛ መስመር ነው የሣልሁለት። በሰሌዳው ላይ ወንዝ መስሏል። ለአራተኛው ጠረጴዛ ወፍራም አደረግሁት፣ ድልድይም ሣልሁበት። አንዷ ጣቷን ይዛ ከቢቸና እስከ አዴት ተከተለችው፤ ከዚያ ትታው በማርቆስ ሄደች። አሁን ግራ ተጋብታ ነው ወይስ አስልታ የተወችው?

የዳንግላዋ

ጣቷ እስከ አዴት ከደረሰ መንገድ መሆኑን አውቃለች።

መምህር ዘቢቸና

እኔ የዚያ አገር ሰው ነኝና ቶሎ አልፈርድም። መንገድ መሆኑን አውቃ ነጋዴ የሚያልፍበት መሆኑን አላወቀች ይሆናል። በዚያ መንገድ ላይ ስንት የገበያ ምልክት አለ?

አብማ (ደብረ ማርቆስ)

ሁለት። በዋናው መንገድ ላይ ስድስት ናቸው።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

እንግዲያው ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ከማስታወሻህ መለየት አይቻልም። ዋጋውንም ምልክቱንም አንድ ላይ አትቀይር፤ የትኛው እንደሠራ አታውቅም። ቀጣዩ ጠረጴዛ ላይ ምንም ሳትነካ የመምህሩን ጥያቄ ብቻ ጨምር፤ «አዲስ ሰው ቢመጣ ስለ መንገዶቹ ምን ትነግሪዋለሽ?» የሞጣውን ስም ግን አንተ አታንሣ። ራሷ ካነሣችው አስልታ ነው የተወችው፤ ካላነሣችው መንገዱ ለእርሷ የለም።

ኮሶበር

ካላነሣችውም ረስታው ሊሆን ይችላል እኮ።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ይችላል። ለዚህ ነው ሦስት ጠረጴዛ የሚያስፈልገው።

ቡሬ በርበሬ

አብማ፣ ሁሉንም አንብቤዋለሁ፤ መጀመሪያ የጻፍሁት ትክክል እንዳልነበረ ገብቶኛል። እኛ ወፍጮ ቤት እህላቸውን ይዘው ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ ሁለት ሰዓት የሚጠብቅ አይጠፋም። አንተን ማንም አያውቅህም፤ እኔም ጨዋታውን አላውቀውም። አንድ ጠረጴዛ ላዘጋጅልህ እችላለሁ። ምን ልንገራቸው?

አብማ (ደብረ ማርቆስ)

ጣና ዳር የጻፈችውን አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ከወረቀት ላይ አንብብላቸው። ሳጥኑን ሐሙስ በአውቶቡስ እልካለሁ፤ ሦስት የታሸጉ ፖስታዎች፣ ባዶ የማስታወሻ ገጾችና የእትም ቁጥር አብረው አሉ። ደንቡን አንተ አታንብበው፤ ሳጥኑን እነርሱ ይክፈቱት።

ቡሬ በርበሬ

አልከፍተውም። አንድ ነገር ብቻ፤ ወፍጮው ሲነሣ ድምፁ ከባድ ነው፤ የሚባባሉትን ላልሰማ እችላለሁ።

የዳንግላዋ

እንግዲያው እጃቸውን ጻፍ።